ፊርማው ሲበዛ ንግግሩ ለምን ሳሳ?

ለምርምር ዘዴ ኮርስ ተማሪዎች የተዘጋጀ ሐተታ

አንድ የማስተርስ ቴሲስ አንሡና የምዕራፍ ሦስትን መጨረሻ ግለጡ። «የሥነ ምግባር ጉዳዮች» በሚል ርዕስ ሥር አንድ አንቀጽ ታገኛላችሁ። ከኮሚቴው ኤቲካል ክሊራንስ መገኘቱን፣ ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ መጻፉን፣ ከተሳታፊዎች ፈቃድ መወሰዱንና ምስጢራቸው መጠበቁን ይናገራል። ጥናቱ የጤና ይሁን የግብርና፣ ጎንደር ይሠራ ጅማ፣ አንቀጹ ያው ነው። የናሙና መጠኑን ቀመር ደረጃ በደረጃ ያሳየ፣ ቀበሌዎቹን በምን ዕጣ እንደመረጠ በሁለት ገጽ የተነተነ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ሌላው የጻፈውን ገልብጦ ያልፋል። በዲፌንሱም ቀን ስለዚህ አንቀጽ የሚጠይቀው ፈታኝ እምብዛም አይገኝም።

ይህ ሐተታ የሚጠይቀው ኢንፎርምድ ኮንሰንት እንዴት ወደዚህ አንቀጽ እንደወረደ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ፈቃድን የሚያዝዙት ደንቦች ሲጻፉ በአእምሯቸው የነበረው በአጥኚውና በተጠኚው መካከል የሚደረግ ንግግር ነበር። ወረቀቱ የመጣው ንግግሩ መደረጉን እንዲመሰክር ነው። ውሎ አድሮ ግን ምስክሩ የባለጉዳዩን ወንበር ያዘ። ዛሬ ወረቀቱ ካለ ንግግሩ እንደተደረገ ይቆጠራል። ይህ የሆነው በሰዎች ክፋት አይደለም፤ እያንዳንዱ ማሻሻያ ወረቀቱን እያጠናከረ ንግግሩን ባለበት ስለተወው ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከኑረምበርግ እንጀምር። በ1947 የናዚ ሐኪሞችን የዳኘው የአሜሪካ ወታደራዊ ፍርድ ቤት በፍርዱ ውስጥ አሥር ነጥቦችን አሰፈረ፤ ኑረምበርግ ኮድ የምንለው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ነጥብ ሰውየው ሳይገደድና ሳይታለል፣ ነገሩን አውቆና ተረድቶ መፍቀድ አለበት ይላል። በዚህ ነጥብ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ስለ ፊርማ አንድም ቃል የለበትም። ሁለተኛ፣ የፈቃዱን ጥራት የማረጋገጥ ግዴታ ሙከራውን በሚጀምረው፣ በሚመራውና በሚሠራው ሰው ላይ በግል የተጣለ ነው፤ ለሌላ አስረክቦ ከተጠያቂነት ማምለጥ አይቻልም ይላል። ይህን ሁለተኛውን ያዙልኝ፤ ዳታ ኮሌክተሮች ዘንድ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የኑረምበርግ ዳኞች እንዲህ ያለ አጻጻፍ የመረጡበት ምክንያት ነበራቸው ብዬ አምናለሁ። ጀርመን ደንብ ያልነበራት አገር አልነበረችም። በ1931 በሰው ላይ የሚደረግን ሙከራ የሚገዛና ፈቃድን የሚጠይቅ መመሪያ በመንግሥት ደረጃ ወጥቶ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን የያዙት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ የሆነውን መመሪያው አላስቀረውም።

ከዚያ ወዲህ ደንቡን ወደ ቅጽ የገፋው ትልቁ ክስተት የተስኪጊ ጥናት ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 ጀምሮ በአላባማ ግዛት ወደ 600 የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶችን ይከታተል ነበር። አብዛኞቹ ቂጥኝ ነበረባቸው። የተነገራቸው ግን ለ«መጥፎ ደም» ሕክምና እየተደረገላቸው እንደሆነ ነው። ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ የሚቀዳበት የሚያም ምርመራ እንኳ ነፃ ልዩ ሕክምና ተብሎ ነበር የቀረበላቸው። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ የቂጥኝ መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላም አልተሰጣቸውም። ጥናቱ የቆመው በ1972 ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ተማሪዎች ተስኪጊን ሲያነቡ «ፈቃድ ሳይጠየቅ የተደረገ ጥናት» ብለው ይዘግቡታል። ነገሩ ከዚህ የባሰ ነው። ሰዎቹ በእግራቸው ይመጡ ነበር፤ ይስማሙ ነበር፤ ለዓመታት ተመላልሰዋል። ከሐኪሞቹ ጋር ያገናኘቻቸው ዩኒስ ሪቨርስ የምትባል ጥቁር ነርስ ነበረች። ቤታቸው ትሄዳለች፣ በመኪና ታመጣቸዋለች፣ ቤተሰባቸውን ታውቃለች፣ እነሱም ያምኗታል። ስምምነትና እምነት በሽ በሽ ነበር፤ የጎደለው ዕውቀት ነው። በዚያን ጊዜ የስምምነት ቅጽ ቢኖር ኖሮ እነዚያ ሰዎች ይፈርሙ እንደነበር አልጠራጠርም።

ከተስኪጊ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚሽን በ1979 ቤልሞንት ሪፖርትን አወጣ። ሪፖርቱ ፈቃድን በሦስት ከፈለው፦ መረጃ መስጠት፣ መረጃውን መረዳትና በነፃ ፈቃድ መወሰን። ቁልቁለቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ሪፖርቱ ስላጠፋ አይደለም፣ ከሦስቱ ውስጥ በወረቀት ላይ ሊሰፍር የሚችለው የመጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ነው። መረጃውን ጽፎ ለኮሚቴ ማቅረብ ይቻላል። አንዲት እናት መረዳቷን ግን ገና ያላገኛት አጥኚ አስቀድሞ ጽፎ ሊያቀርብ አይችልም። በነፃ መወሰኗንም እንዲሁ። ኮሚቴው ደግሞ የሚፈርደው በቀረበለት ነው። አይ አር ቢ የሚሰበሰበው ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት፣ በስብሰባ አዳራሽ፣ ፋይል ይዞ ነው። የሚያየው የመረጃ ወረቀቱን ነው፤ ሊያሻሽል የሚችለውም እሱኑ ነው። ስለዚህ አባላቱ በቅን ልቦና «የደም መውሰዱ ጉዳት አልተገለጸም፣ ይጨመር»፣ «የዳታው አያያዝ አልተብራራም፣ ይጨመር» ይላሉ። እያንዳንዱ ጭማሪ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ሁሉም ተደምሮ ግን አንድ ገጽ የነበረው ሦስትና አራት ገጽ ይሆናል፤ ማንበቢያው ይረዝማል፤ አንባቢው ይቸኩላል፤ ሰሚው ይሰለቻል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት የ114 የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶችን ኮሚቴዎች መረመረ። ብዙዎቹ ኮሚቴዎች ቅጹ በስንተኛ ክፍል የንባብ ደረጃ መጻፍ እንዳለበት ራሳቸው ደንግገዋል። ለአጥኚዎች ናሙና አድርገው የሚሰጡት ጽሑፍ ግን በአማካይ ከደነገጉት ደረጃ ወደ ሦስት የሚጠጋ የክፍል ደረጃ ይከብድ ነበር። ጠባቂው ራሱ ያወጣውን ልክ አልጠበቀም ማለት ነው። በ2015 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ የሦስት አሥርት ዓመታት ጥናቶችን ሰብስቦ ክሊኒካል ትራያል ውስጥ የገቡ ሰዎች ምን ያህል እንደተረዱ አሰላ። በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ እንደሚችሉ የተረዱት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ነበሩ። መድኃኒቱ የሚደርሳቸው በዕጣ እንደሆነ የተረዱት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከሁሉ የሚያሳስበው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህ መጠን ያልተሻሻለ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ሊከራከረኝ ይችላል። መረዳት ካልቀነሰ ወረደ የምለው ምንድን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ድሮ ወርቃማ ዘመን ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ተስኪጊ የቆየው አርባ ዓመት ነው። ወረደ የምለው ፈቃድ ለመጠየቅ ከሚወጣው ድካም ውስጥ ለሰውየው የሚደርሰው ድርሻ ነው። ጽሑፉን ለማርቀቅ፣ ለማስተርጎም፣ መልሶ ለማስተርጎም፣ ለማስፀደቅና ለማስፈረም የሚወጣው ጊዜ በየዓመቱ አድጓል። ከተሳታፊው ጋር የሚጠፋው ጊዜ ግን እንዳለ ቆሟል፤ እኛ አገር በሚሠሩ መጠይቆች ደግሞ ወደ ጥቂት ሴኮንድ ወርዷል።

ይህንን ለማየት አዳራሹን ትተን ወደ አንድ ደጃፍ እንሂድ። መስክ የወጣ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ዳታ ኮሌክተሩ ታብሌቱን ይዞ ይመጣል። ከፊቱ የሚመራው ሰው አለ፤ የቀበሌ ተላላኪ ወይም የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። መሪው በሩን ያንኳኳና «እትዬ፣ እንግዶች ይዤ መጥቻለሁ፤ ለጥናት ነው፣ ከወረዳ የተላኩ ናቸው» ይላል። ሴትየዋ ወንበር ያወጣሉ። ዳታ ኮሌክተሩ ማኅተም ያለበትን የድጋፍ ደብዳቤ ያሳያል። ከዚያ «እማማ፣ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎት ነበር፤ ፈቃደኛ ነዎት አይደል?» ይላል። «ምን ገዶኝ ልጄ፣ ጠይቀኝ» ይላሉ። ጣቱ «አዎ» የሚለውን ይነካል፤ ቀጣዩ ገጽ ይከፈታል።

ይህ ፈቃድ የጠፋው የት ላይ ነው? ቅጹ ላይ የሰፈረው ሁሉ ትክክል ነው፤ አማርኛውም ያማረ ሊሆን ይችላል። ፈቃዱ የጠፋው ግን ከጥያቄው በፊት ነው። «ከወረዳ» የሚለው ቃል ሲነገር ሴትየዋ በልባቸው የሚያሰሉት ሌላ ነገር ነው። ስማቸው ሴፍቲኔት ውስጥ አለ ወይም እንዲገባ ይፈልጋሉ። መሪው የሰፈሩን ዝርዝር የሚያውቅ ሰው ነው። እምቢ ቢሉ ማን ይሰማል? እሺ ቢሉስ ምን ይመጣል? ቅጹ «አለመሳተፍዎ ከሚያገኙት አገልግሎት አያስቀርዎትም» ይላል፤ ግን አልተነበበላቸውም። ቢነበብላቸውም የሚያነበው እንግዳ ነው፣ ዝርዝሩን የሚጽፈው ደግሞ እዚያው ቆሞ ይሰማል። የድጋፍ ደብዳቤ ያለ ጥርጥር ያስፈልጋል፤ ያለሱ ዳታ ኮሌክተሩ ቀበሌው ውስጥ መንቀሳቀስ አይችልም። ነገር ግን ደብዳቤው የሚፈቅደው ወደ ቀበሌው መግባትን ነው፤ ወደ ሴትየዋ ቤት መግባትን የሚፈቅዱት እሳቸው ናቸው። በተግባር የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይውጠዋል።

ዳታ ኮሌክተሩንም አንኮንነው። በቀን ይህን ያህል ቅጽ ተብሎ ተቆርጦለታል። ኑረምበርግ ለማንም አሳልፎ መስጠት አይቻልም ያለውን ግዴታ የተቀበለው እሱ ነው፤ ከሁለት ቀን ሥልጠና ውስጥ ለፈቃድ የተመደበው ጊዜ የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ናት። ዋናው አጥኚ ከተማ ተቀምጦ የሚከታተለው የገባውን ቅጽ ቁጥር ነው። ልኩን ያልሞላ ይጠራል፤ ፈቃድ በደንብ ሳይጠይቅ ልኩን የሞላ ግን ይመሰገናል።

አሁን ይህንን አቅጣጫ ወደ ኋላ የመለሰ አንድ የራሳችንን ሥራ በዝርዝር እንይ። ፖዶኮኒዮሲስ ቀይ የሸክላ አፈር ባለባቸው ደጋማ አካባቢዎች ለረጅም ጊዜ በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ የሚወጣ የእግር ማበጥ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ግን ይበዛል፤ በዚህም ምክንያት ሕዝቡ «የዘር ነው» ብሎ ያገልላቸዋል፤ ልጆቻቸው የሚያገባቸው ያጣሉ። ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ የበሽታውን የጄኔቲክ መነሻ ሊያጠኑ አሰቡ። የታማሚውንም የጤነኛ ወንድምና እህቱንም ናሙና ይፈልጋሉ። ችግሩን አስተውሉት፦ ጥናቱ የሚጠይቀው ጥያቄ ራሱ ሰዎቹ የሚሸሹት ሐሜት ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ መኪና መጥቶ አንድ ቤት ደጃፍ ሲቆምና የቤተሰቡን ሁሉ ናሙና ሲወስድ፣ ለጎረቤት «እነዚህ ሰዎች ዘራቸው ነው» ብሎ እንደማወጅ ነው።

አጥኚዎቹ ቅጹን ከመጻፋቸው በፊት ሌላ ትንሽ ጥናት አደረጉ። ጋምቢያ ውስጥ የተሞከረ ፈጣን ዳሰሳ ወስደው ለአካባቢው አስማሙት። ከታማሚዎች፣ ከጤነኛ ነዋሪዎች፣ ከመስክ ሠራተኞች፣ ከአካባቢ መሪዎችና እዚያው ሕክምና ከሚሰጠው መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ሠራተኞች ጋር በቡድንና በተናጠል ተወያዩ። ጥያቄያቸው፦ ስለዚህ ጥናት ማን ቢነግራችሁ፣ በምን ቋንቋ፣ የት፣ በምን ቅደም ተከተል ቢነግራችሁ ይገባችኋል? ምን ያስፈራችኋል? የሚል ነበር። ውጤቱ በ2009 በሁለት ጽሑፎች ታተመ።

ያገኙት ነገር አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሊያስተምር ይችላል። ሰዎች የሚረዱት ነገሩ በዕለት ተዕለት ቋንቋ ሲነገር ነው፤ ይህ አያስገርምም። ሁለተኛው ግኝት ጠለቅ ይላል። ሰዎቹ ከአጥኚዎች የሚጠብቁት ነገር አለ። ያ የሚጠብቁት ነገር በግልጽ ካልተነገረበት ስለ ጥናቱ የሚባለውን ሁሉ በዚያው መነጽር ይሰሙታል። «ሕክምና ሊሰጡኝ ነው» ብሎ የተቀመጠ ሰው አጥኚው የቱንም ያህል ግልጽ አማርኛ ቢናገር ከሕክምና ውጭ የሆነውን አይሰማም። ስለዚህ መጀመሪያ መነሣት ያለበት «ይህ ጥናት ምን አይሰጥዎትም» የሚለው ነው። ብዙዎቹ የእኛ ቅጾች ግን ይህንን በመጨረሻ፣ «ጥቅም» በሚለው ንዑስ ርዕስ ሥር፣ በአንድ መስመር ይወረውሩታል።

ሦስተኛው ግኝት ግን እኔን እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ታማሚዎቹን መቅረብ የሚሻለው በሚያምኗቸው የአካባቢ ሰዎች በኩል፣ አስቀድሞ ማኅበረሰቡን አነጋግሮ ነው ይላል። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ እውነተኛ ፈቃድ እንዳይገኝ ሊያደርጉ የሚችሉ ነገሮች ሲዘረዘሩ ድህነት፣ ሌላ ሕክምና መስጫ አለመኖርና በድርጅቱ ላይ ያለው እምነት ይጠቀሳሉ። እምነት ሁለቱም ቦታ ላይ አለ። ነገሩ እንዲገባ የሚያደርገው እምነት ነው፤ እምቢ ማለትን የሚያከብደውም እምነት ነው። ካከመኝ ድርጅት ለመጣ ሰው እንዴት እምቢ እላለሁ? ዩኒስ ሪቨርስን አስታውሱ። እሷን ያመኑ ሰዎች ከማያምኗት ይልቅ የተጋለጡ ነበሩ።

ይህ ተቃርኖ የሚፈታ አይመስለኝም፤ የሚያዝበት መንገድ ግን አለ። የሚታመነው ሰው ጥናቱን ያስተዋውቅ፣ ይተርጉም፣ ጥያቄ ይመልስ፤ ውሳኔው በሚነገርበት ጊዜ ግን እዚያ አይገኝ። ማስረዳቱና ውሳኔው በአንድ ቁጭታ አይደረጉ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት በመካከላቸው ይደር። ቤት ውስጥ የሚመከርበት፣ ጎረቤት የሚጠየቅበት፣ ሳያፍሩ የሚቀሩበት ጊዜ ነው። እምቢ ማለት በባሕላችን ፊት ለፊት አይባልም፤ «እስቲ ነገ» ይባላል። አጥኚው ነገን ካልሰጠ እምቢታ የሚገለጽበትን ብቸኛ በር ዘግቷል።

ዳሰሳው ሥራውን አላደናቀፈም። ዋናው የጄኔቲክ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታተመ። ከዓመታት በኋላም አዳሙ አዲሴና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለው ቅድመ ዳሰሳ በእርግጥ መረዳትን ይጨምር እንደሆነ በኢትዮጵያ ውስጥ በዕጣ በተከፈሉ ቡድኖች ፈትነው፣ ዳሰሳው የተደረገላቸው የተሻለ እንደተረዱ አሳይተዋል።

ወደ እናንተ ሥራ እንምጣ። የራሳችሁ ጥናት ውስጥ ፈቃዱ ወደ ፊርማ መውረዱን በምን ታውቃላችሁ? ሦስት ቦታ ላይ ይታያል።

የመጀመሪያው ታብሌቱ ውስጥ ነው። በኦዲኬ ኮሌክት የምትሰበስቡ ከሆነ በቅጹ ላይ `audit` የሚባል አንድ ረድፍ ጨምሩ፤ የመረጃ ጽሑፉንና የፈቃድ ጥያቄውን አንድ ገጽ ላይ አድርጉ፦

```
type,name,label
audit,audit,
select_one yes_no,consent,የመረጃ ጽሑፉና የፈቃድ ጥያቄው
```

ከዚያ እያንዳንዱ ቅጽ ሲላክ የትኛው ገጽ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደተዘጋ የሚመዘግብ ፋይል አብሮ ይመጣል። እንዲህ ይመስላል፦

```
event,node,start,end
question,/data/consent,1714380000000,1714380006000
```

ቁጥሮቹ ጊዜን በሚሊሴኮንድ የሚቆጥሩ ናቸው። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ቀንሱ፤ 6000 ይመጣል፣ ማለትም 6 ሴኮንድ። አሁን የመረጃ ወረቀታችሁን ለሰው በሚሰማ ድምፅና ፍጥነት ሰዓት ይዛችሁ አንብቡት። አራት ደቂቃ ከፈጀባችሁ በስድስት ሴኮንድ ውስጥ እንዳልተነበበ ታውቃላችሁ። ይህ መሣሪያ ገደብ አለው። ዳታ ኮሌክተሩ ታብሌቱን ሳይከፍት በቃሉ አስረድቶ ሊሆን ይችላል፤ ገጹን ከፍቶ ቡና ሲጠጣም ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለቅጣት አትጠቀሙበት፤ ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላ ማታ ቁጭ ብላችሁ ለመነጋገር ተጠቀሙበት። የአንዱ ዳታ ኮሌክተር ቅጾች በሙሉ ስድስት ሴኮንድ ከሆኑ፣ ምናልባት ጽሑፋችሁ ጮክ ተብሎ ሊነበብ የማይችል ስለሆነ ይሆናል።

ሁለተኛው ተሳታፊዋ መልሰው ሲናገሩ ነው። «ገብቶዎታል?» አትበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። «እማማ፣ ማታ ልጅዎ መጥቶ እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው መጡ ቢልዎት ምን ይሉታል?» በሉ። «ባይፈልጉ ኖሮስ ምን ይሆን ነበር?» ብላችሁ ጨምሩ። ለመጀመሪያው «ለእርዳታ እየመዘገቡ ነው» ለሁለተኛው «ስሜ ይሰረዛል» የሚል መልስ ከመጣ ፈቃድ የለም፤ ፊርማ ቢኖርም የለም። አንድ ጊዜ እንደገና አስረዱ፤ መልሱ ካልተለወጠ አመስግናችሁ ውጡ። ይህንን የምለው ከስሜት ተነሥቼ አይደለም። ፍሎሪና ኢማኑኤል በ2004 የፈቃድ ማሻሻያ ሙከራዎችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ መረዳትን ለመጨመር የተሻለ ተስፋ የታየበት ቪዲዮ ወይም ኮምፒውተር አልነበረም፤ አንድ ሰው ከተሳታፊው ጋር ቁጭ ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ መነጋገሩ ነው።

ሦስተኛው ቁጥራችሁ ውስጥ ተደብቋል። ሁላችሁም የምታውቁት ቀመር 384 ሰው ይሰጣችኋል። አሥር በመቶ ለማይመልሱ ብላችሁ ትጨምሩና 423 ትላላችሁ። በፕሮፖዛሉ ላይ ከአሥር ሰው አንዱ ላይሳተፍ ይችላል ብላችሁ ገምታችኋል ማለት ነው። ከመስክ ስትመለሱ ግን የምላሽ መጠኑ 99 ወይም 100 በመቶ ሆኖ ይጻፋል። ይህ እንደ ጥንካሬ ይነበባል፤ እኔ ግን ሳየው እጨነቃለሁ። ስለ ገቢ፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ስለ ባል ዱላ የሚጠይቅ መጠይቅ ይዛችሁ አራት መቶ ሃያ ሦስት ቤት አንኳኩታችሁ አንድም ሰው እምቢ ካላለ፣ እምቢ ማለት እንደሚችል አልተነገረውም ብሎ መጠርጠር ይገባል። የጥርጣሬው መዘዝ ሥነ ምግባር ላይ ብቻ አያበቃም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ደስ የሚያሰኝ መልስ ሰጥቶ ይገላገላል። ለሴፍቲኔት የተመዘገቡ የመሰላቸው ሴት በሬያቸውን አይቆጥሩም። ዳታችሁ ውስጥ የገባው ስሕተት ደግሞ የናሙና ስሕተት አይደለም፤ ናሙናውን በማብዛት አይጠፋም።

ጊዜና ገንዘብ የለንም የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እናስላው። ለእያንዳንዱ ሰው ተጨማሪ አሥር ደቂቃ ለንግግር ብትሰጡ ለ423 ሰው 4230 ደቂቃ፣ ማለትም 70 ሰዓት ተኩል ነው። ስድስት ዳታ ኮሌክተሮች ካሏችሁ ለእያንዳንዳቸው ወደ 12 ሰዓት ይደርሳል፤ የመስክ ቀን ስድስት ሰዓት ሥራ ቢሆን ሁለት ቀን። የስድስት ሰው የሁለት ቀን አበል ነው ማለት ነው። በበጀታችሁ ውስጥ ለፎቶ ኮፒና ለጥራዝ የምትጽፉትን አጠገቡ አስቀምጡና አወዳድሩ። ሌሊት ማሳደሩ ለሁሉም መጠይቅ አስፈላጊ አይደለም። ስለ ማሳ ዘር ዓይነት ለሚጠይቅ አሥር ደቂቃው ይበቃል። ደም ለሚወስድ፣ ስለ ጥቃት ለሚጠይቅ፣ ቤተሰብን ለሚያሳማ ጥናት ግን ሌሊቱን በጀት ያዙለት።

ፊርማውንስ? አነስተኛ ሥጋት ላለው መጠይቅ በቃል ፈቃድ እንዲያዝ ኮሚቴውን በምክንያት ጠይቁ፤ ይህ በመስኩ የታወቀ አሠራር ነው። መሬቱንና ውርሱን በጣት አሻራው ያጣ ሰው በሚያውቅ አካባቢ ቀለም ላይ ጣት አስነክሮ ማስፈረም ራሱ ሥጋት ይሆናል። ከዚህም በላይ ስም ያለበት የፈቃድ ቅጽ ተሳታፊውን ከጥናቱ ጋር የሚያገናኝ ብቸኛ ሰነድ ሊሆን ይችላል፤ ምስጢር እንጠብቃለን ብላችሁ የሰበሰባችሁት ወረቀት ምስጢሩን የሚያወጣው ይሆናል። ማንበብ የማይችል ሰው መፈረም ባለበት ጥናት ደግሞ ከአጥኚው ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር ከመጀመሪያው ማስረዳት አንሥቶ ይቀመጥ፤ ሲፈረም ብቻ የተጠራ ሰው ያየው ፊርማውን ነው፣ ማስረዳቱን አልሰማም።

እንግዲህ በዚህ ኮርስ የምትጽፉት ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ያንን የተለመደ አንቀጽ አልቀበልም። በምትኩ የምጠብቀው ይህንን ነው፦ ጥናቱን ማን አስረዳ፣ በምን ቋንቋ፣ ማን ባለበት፤ የቀበሌው መሪ በስንት ርቀት ቆየ፤ ማስረዳቱ በአማካይ ስንት ደቂቃ ወሰደ፤ መልሰው ሲጠየቁ ስንቱ በመጀመሪያው፣ ስንቱ በሁለተኛው ተረዱ፤ ስንቱ ሳይረዱ ስለቀሩ ተተዉ፤ ስንቱ እምቢ አሉ፣ ስንቱ መሐል ላይ አቋረጡ፣ በየትኛው ጥያቄ ላይ። እምቢ ያሉት ቁጥር ዜሮ ከሆነ፣ ለምን ዜሮ እንደሆነ የራሳችሁን ማብራሪያ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ለዚህ ክፍል የምሰጠው ማርክ ለናሙና አመራረጡ ከምሰጠው ጋር እኩል ነው።